«ይላኩ» እና «ይክፈሉ»፦ ስለ ክፍያ መመሪያው ወረቀት ለትምህርት ቤታችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር እና ለፋይናንስ ክፍሉ፣
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ልጆቻችን በደብተራቸው መሃል አጥፈው አንድ ወረቀት ይዘውልን መጡ። «ከዚህ ሩብ ዓመት ጀምሮ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚፈጸመው በሞባይል አፕ ብቻ ነው» ይላል። ከሥሩ ሰባት ተራ ቁጥሮች አሉ። ከነሱ ሥር ደግሞ ፎቶ ኮፒ ሲደረጉ የጠቆሩ ሦስት የስልክ ስክሪን ፎቶዎች፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ በደማቁ «ከጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. 12፡00 ሰዓት በኋላ ለሚከፈል 300 ብር ቅጣት ይታከልበታል»።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው። ጥቅምት 8 ቅዳሜ ጠዋት ሪፖርት ለመስማት ስንመጣ፣ በሩ ላይ ቆመን ስንነጋገር፣ ክፍያው ላይ ችግር የገጠመን ወላጆች 19 ሆነን ተገኘን። ስማችንን በደብተር ቅጠል ላይ ጻፍን፣ የእያንዳንዱን ጉዳይ ለየብቻ አስቀመጥን። የሁላችንም ችግር ወደዚያች ወረቀት ይመለሳል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በአፕ መክፈልን አልተቃወምንም። እስካሁን እንዴት እንደምንከፍል ታውቃላችሁ፤ ባንክ ሄዶ መሰለፍ፣ «ሲስተም የለም» ተብሎ መቆየት፣ ስሊፑን ይዞ መጥቶ እናንተ መስኮት ጋ እንደገና መሰለፍ። ከፒያሳ ተነስተው ሩቅ ሰፈር የገቡ፣ ልጃቸውን ግን ከዚህ ትምህርት ቤት ማውጣት ያልፈለጉ ወላጆች አሉ። ለነሱ ግማሽ ቀን ነበር የሚባክነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ መብራቱንም ውሃውንም በስልካችን መክፈል የለመድን ብዙ ነን። ለዚህም ነው ወረቀቱ ሲመጣ ብዙዎቻችን ደስ ያለን።

ችግሩ የጀመረው ተራ ቁጥር 4 ላይ ነው።

ተራ ቁጥር 4 እንዲህ ይላል፦ «የትምህርት ቤቱን ቁጥር አስገብተው ገንዘቡን ይላኩ።» አፑ ላይ ግን «ላክ» እና «ክፈል» የሚባሉ ሁለት የተለያዩ በሮች አሉ። «ላክ» ማለት ከአንድ ሂሳብ ወደ ሌላ ሂሳብ ገንዘብ ማዛወር ነው፤ ለእህቴ ብር ስልክላት የምጠቀመው እሱን ነው። «ክፈል» ውስጥ ስትገቡ ግን «ትምህርት ቤት» የሚል ይመጣል፣ የትምህርት ቤታችንን ስም ትመርጣላችሁ፣ የተማሪውን መለያ ቁጥር ታስገባላችሁ፣ የልጁ ስምና የሚፈለግበት ብር ይወጣል። በዚህ በኩል የተከፈለ ብር ከልጁ ቁጥር ጋር ተጣብቆ ነው እናንተ ጋ የሚደርሰው። በ«ላክ» የሄደው ብር ግን እናንተ ሂሳብ ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል። የማን ልጅ እንደሆነ አይናገርም።

ወረቀቱ ላይ «ይላኩ» የሚል ቃል አለ፤ ከታች ደግሞ የባንክ ሂሳብ ቁጥራችሁ ተጽፏል። ሰው ምን ያድርግ? ከ19ኙ 7ቱ «ላክ» ውስጥ ገብተው፣ ያንን የሂሳብ ቁጥር አስገብተው ላኩ። ወረቀቱ ያላቸውን ነው ያደረጉት።

ከነዚህ አንዷ የ1ኛ ክፍል ተማሪ እናት ናት። 8,900 ብር ላከች። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ «ትምህርት ቤት» ብላ ጻፈች። በሳምንቱ ልጇ «ክፍያ አልተፈጸመም» የሚል ቀይ ወረቀት ይዞ መጣ። መስኮታችሁ ጋ ስትመጣ «በልጁ ስም የገባ የለም» ተባለች። እውነት ነው፣ በልጁ ስም የገባ የለም። የገባው በእሷ ስም ነው። በእኛ አገር ደግሞ የእናትየዋ ስም ከልጇ ስም ጋር በምንም አይገናኝም። ልጁ የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ነው፤ እሷ ደግሞ በራሷ አባትና በራሷ አያት። ሦስቱንም ስሞች ጎን ለጎን ብታስቀምጡ አንድ የሚመሳሰል ቃል አታገኙም። ስለዚህ የባንክ ዝርዝሩን ይዞ ስም በስም የሚፈልግ ሠራተኛ ያንን ብር የማግኘት ዕድል የለውም። ከሚልኩት ውስጥ እናቶች ስንት እንደሆንን ደግሞ እናንተው ከመስኮቱ ታውቁታላችሁ።

በትክክለኛው በር የገቡትስ? እነሱም መለያ ቁጥሩ ላይ ተቸገሩ። በልጆቻችን መታወቂያ ላይ ያለው ቁጥር እዝባር አለው፤ አራት አሃዝ፣ እዝባር፣ የገቡበት ዓመት። የአፑ ሳጥን ግን ከአሃዝ ሌላ አይቀበልም። ወረቀቱ «የተማሪውን መለያ ቁጥር ያስገቡ» ብሎ አልፎታል። አንዱ አራቱን አሃዝ ብቻ አስገባ፣ «አልተገኘም» አለው። ሌላው ከፊት ያለውን ዜሮ ትቶ ሞከረ፣ እሱም አልሆነም። ትክክለኛው ስድስቱንም አሃዝ፣ ዜሮውን ሳይተዉ፣ እዝባሩን ብቻ ትቶ ማስገባት እንደሆነ ያወቅነው ከአንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ነው። ልጁ ለአባቱ ሲከፍል ሞክሮ ሞክሮ ያገኘው ነው። መታወቂያው ላይ 0417/15 የሚለውን 041715 ብሎ ነው መጻፍ። ይህችን አንዲት መስመር ወረቀቱ ላይ መጨመር ምን ያህል ቦታ ይወስድ ነበር?

እዚህ ጋ አንድ የባሰ ነገር ደርሷል። አንዲት እናት 041715 ማስገባት ሲገባት ጣቷ ስቶ 047115 አስገባች። አፑ ቁጥሩን አላወቅኩትም አላለም። የሌላ ልጅ ቁጥር ነዋ። ስሙን አወጣ፣ የሚፈለገውን ብር አወጣ። ስሙ የወጣው በላቲን ፊደል፣ በትልልቁ፣ በትንሽ መስመር ነው። ብሩ ከምትጠብቀው ጋር አንድ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱም ልጆች አንድ ክፍል ናቸው። ፒኗን አስገባች። የሰው ልጅ ከፈለች። የዚያኛው ልጅ ወላጆች ደግሞ «ተከፍሏል» የሚል መልእክት ደርሷቸው ግራ ገባቸው። ደግነቱ ደጋግ ሰዎች ሆኑና ብሩን መለሱላት። ባይመልሱስ?

ይህ እንዳይደርስ የሚያደርግ አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ ስሙ የሚወጣበት ስክሪን። ከዚያ በኋላ ፒን ነው፣ ከፒን በኋላ መመለሻ የለም። ስለዚህ ወረቀቱ በጣም ማስፋት የነበረበት እዚያ ነበር። «እዚህ ጋ ይቁሙ። የልጅዎ ሙሉ ስም ነው? ካልሆነ ተመለስ የሚለውን ይጫኑ።» የእናንተ ወረቀት ላይ ያ ስክሪን ፎቶውም የለም፣ ስሙም አልተነሳም። ከተራ ቁጥር 5 ዘሎ ወደ ፒን ይሄዳል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የ6ኛ እና የ3ኛ ክፍል። የትልቋ 9,450 ብር፣ የትንሹ 8,900 ብር። ሁለቱን ሂሳብ አስልቼ፣ ለአገልግሎትም እንዲተርፍ ብዬ፣ 19,000 ብር አስገብቼ ጠበቅኩ። ጥቅምት 4 ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። «ክፈል» ውስጥ ገባሁ። የትልቋ ስም ወጣ፣ ትክክል ነው። ፒኔን አስገባሁ። ክቡ መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ «ጥያቄዎን ማስተናገድ አልተቻለም፣ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» አለኝ።

እኔም ሞከርኩ። ማንም ቢሆን ይሞክራል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛው «ተሳክቷል» አለ። ደስ ብሎኝ ወደ ትንሹ ክፍያ ስሄድ «በቂ ቀሪ ሂሳብ የለም» አለኝ። ቀሪ ሂሳቤን ከፈትኩት፤ 100 ብር። የትልቋ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል።

ባንክ ቤት የምትሠራ የጎረቤቴ ልጅ በማግስቱ ጠዋት እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። «አልተቻለም» የሚለው ጽሑፍ ሁልጊዜ ብሩ አልወጣም ማለት አይደለም። አንዳንዴ የእኔ ስልክ መልሱን ሳያገኝ ኔትወርኩ ይቋረጣል እንጂ ትእዛዙ ደርሶ ብሩ ተቆርጧል። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ከመጫን በፊት ሦስት ነገር ማየት ይገባል፦ ቀሪ ሂሳቡ ቀንሷል ወይ? ታሪክ የሚለው ውስጥ ክፍያው አለ ወይ፣ ካለስ ተሳክቷል ይላል ወይስ በሂደት ላይ? የኤስኤምኤስ መልእክት መጥቷል ወይ? በሂደት ላይ የሚል ከሆነ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ ነው። ከፈትኩት። የመጀመሪያው ክፍያ «በሂደት ላይ» ይላል። እዚያው ተቀምጦ ነበር፣ ማየት እንዳለብኝ አላወቅኩም እንጂ። አፑ ሁለተኛውን ያልከለከለኝም ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ስላልተዘጋ ልጄ ገና እንዳልከፈለች ነው የሚያውቀው።

ከዚያ ምልልሱ ተጀመረ። መስኮታችሁ ጋ መጣሁ፤ «እህቴ፣ እኛ ጋ አንድ ብቻ ነው የገባው፣ ባንኩን ጠይቂ» ተባልኩ። ባንኩ ጋ ሄድኩ፤ «ከእኛ ወጥቷል፣ ትምህርት ቤቱን ጠይቂ» ተባልኩ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ መፍትሔው የተገኘው አንዲት ሠራተኛችሁ የግብይት ቁጥሩን ስትጠይቀኝ ነው። ግብይት ቁጥር ማለት ክፍያው ሲፈጸም በኤስኤምኤሱ ላይ የሚመጣው ፊደልና አሃዝ የተቀላቀለበት ቁጥር ነው፤ ለአንድ ክፍያ አንድ ብቻ ነው፣ አይደገምም። በዚያ ፈልጋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አገኘችው። ብሩ ከሁለት ቀን በፊት ገብቶ ኖሯል።

ይህን እያወቃችሁ ወረቀቱ ላይ የጠየቃችሁን ምንድነው? ተራ ቁጥር 7፦ «የክፍያውን ስክሪንሾት በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይላኩ።» ስክሪንሾት ማንም ሰው በስልኩ ሊቀይረው የሚችል ፎቶ ነው፣ ማረጋገጫ አይሆናችሁም። ለእኛ ደግሞ ስማችንን፣ ስልካችንን፣ አንዳንዴም ቀሪ ሂሳባችንን ለማናውቀው ሰው ሁሉ ማሳየት ነው። የልጄ ክፍል ግሩፕ ውስጥ ወላጅ፣ ሠራተኛ፣ ታላቅ ወንድም፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ስልክ ሁሉ አለ። ግብይት ቁጥሩን ለፋይናንስ ክፍሉ ብቻ መላክ ለእናንተም ይቀላል፣ እኛንም ያስከብራል።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ፣ ከሁሉ የበለጠ ያናደደን እሱ ነውና። ጥቅምት 5 ከእህቴ ተበድሬ የትንሹን ልጅ ክፍያ ስከፍል ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ወረቀቱ «12፡00 ሰዓት» ይላል፣ እኔ ገና ሦስት ሰዓት አለኝ ብዬ ነው። አፑ ግን 8,900 ሳይሆን 9,200 ብር አወጣልኝ። ቅጣቱ ተጨምሯል። ለምን? ስንጠይቅ ሲስተሙ ላይ የተሞላው 12፡00 በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ታወቀ። ማለትም እኩለ ቀን፣ በእኛ 6 ሰዓት። ወረቀቱን በአማርኛ ጽፋችሁ፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፋችሁ፣ ሰዓቱ ብቻ የሌላ አገር ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ያደገ ሰው 12 ሰዓት ሲባል ወይ ጎህ ነው የሚታየው ወይ የፀሐይ መጥለቂያ። እኩለ ቀንን ማንም 12 አይለውም።

ከቀኑ 6 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከፍለን የተቀጣን 6 ነን። አንዱ አባት ከሥራ ቦታው ሆኖ ሊከፍል ሲል 9,750 አየ። ልጁ ይዛ የመጣችው ወረቀት ላይ 9,450 ስለነበር አፑ ተሳስቷል ብሎ መጠኑን አስተካክሎ 9,450 ከፈለ። አፑ ተቀበለው። ግን የተመዘገበው «ያልተጠናቀቀ ክፍያ» ተብሎ ነው። 300 ብር ስለጎደለ ልጅቷ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ካርድ ከጓደኞቿ ጋር አልተቀበለችም። የ6ኛ ክፍል ልጅ ናት፣ የልጄ ጓደኛ። ልጄ ቤት መጥታ «እማዬ፣ እሷ ለምን አልተሰጣትም?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት አላወቅኩም።

በእኔ ቤት ያለውንም ተመልከቱት። ትልቋ ላይ 9,450 ብር ትርፍ አለኝ፣ «ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይያዛል» ተብያለሁ፣ በቃል። ትንሹ ላይ ደግሞ ዘግይተሻል ተብዬ 300 ብር ተቀጥቻለሁ። የዚያኑ ዕለት የእኔ ብር ከትንሹ ክፍያ በልጦ እጃችሁ ላይ ነበር።

ስማርት ስልክ የሌላቸውስ? ከበሩ አጠገብ ብዙ ጊዜ የምናያቸው፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ እማማ አሉ። ቁልፍ ስልክ ነው የያዙት። ወረቀቱ ስለሳቸው የሚለው «ስማርት ስልክ የሌላችሁ በሰው አስከፍሉ» ብቻ ነው። እሳቸውም ሰፈር ያለ ሱቅ ሄደው ብሩን ለልጁ ሰጡት፣ በዚያውም የራሳቸውን ስልክና ፒናቸውን። ልጁ አላታለላቸውም፣ ተመስገን። ግን ፒኑን አሁንም ያውቀዋል፤ እንዲቀይሩት የነገራቸው ሰው የለም። የምትሠሩበት አገልግሎት እኮ ያለ ኢንተርኔት በቁልፍ ስልክም ይሠራል፤ ቴሌብርን በ *127# እንደምንከፍተው ሁሉ፣ በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚጨርስ አጭር ቁጥር አለው፣ በአማርኛ ይጠይቃል። የምትሠሩበት ባንክ ራሱ ነግሮኛል። እናንተ ወረቀት ላይ ግን የለም።

ፒን ካነሳሁ አይቀር፣ ወረቀቱ ላይ «ለእርዳታ ይደውሉ» ብላችሁ የአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ አስቀምጣችኋል። ሰውየው መልካም ሰው ነው፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ግን ደውለው «በመልእክት የመጣልዎትን የማረጋገጫ ኮድ ይንገሩኝና እኔ ልጨርስልዎት» የተባሉ ወላጆች አሉ። ያ ኮድ እንደ ግብይት ቁጥሩ አይደለም፣ ለማንም አይነገርም። ዛሬ ለትምህርት ቤቱ ሰው መንገር የለመደች እናት፣ ነገ «ከትምህርት ቤት ነው የምደውለው» ለሚላት ሌባም ትነግረዋለች። እንዲህ ዓይነት ስልክ ተደውሎላቸው ብር የተወሰደባቸው ሰዎች በየሰፈራችን አሉ።

አሁን የምንጠይቃችሁን ልናገር።

በቅድሚያ ቅጣቱ። ጥቅምት 5 ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት የከፈልን ሁሉ ቅጣቱ ይነሳልን፤ «ያልተጠናቀቀ» የተባለው ይስተካከል፣ ያቺ ልጅም ካርዷ ይሰጣት። ይህ ቀጠሮ የሚያስፈልገው አይደለም፣ ነገ ጠዋት ሊያልቅ ይችላል። አፑ ሰዓቱን መዝግቦታል፤ የእኔ ደረሰኝ ላይ 15፡07 ይላል፣ ይህም በእኛ 9 ሰዓት ከ7 ነው።

በ«ላክ» በኩል የላኩት 7 ወላጆች ግብይት ቁጥራቸውን ሰብስበናል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለፋይናንስ ክፍሉ በእጅ ሰጥተናል፣ የልጁን ስምና ክፍል ከጎኑ ጽፈን። ከባንኩ ዝርዝር ጋር አስተያይታችሁ ለየልጁ መዝግቡልን፣ እስከዚያው ለልጆቹ ቀይ ወረቀት አትስጧቸው። ሁለት ጊዜ ለተቆረጠብን ደግሞ ምርጫው የእኛ ይሁን። ብሩ ተመልሶ የሚፈልግ ይመለስለት፣ ለሌላ ልጁ እንዲዞርለት የሚፈልግ ይዙርለት፣ ለሚቀጥለው ይያዝልኝ የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠው። በቃል የተነገረን ነገር መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

ወረቀቱ እንደገና ይጻፍ፣ የሁለተኛው ሩብ ዓመት ክፍያ ከመድረሱ በፊት። ለሁሉም አንድ ዓይነት አባዝታችሁ ከመስጠት ይልቅ የእያንዳንዱ ልጅ ሙሉ ስም፣ አፑ በሚቀበለው መልክ የተጻፈ ስድስት አሃዝ መለያ ቁጥሩ፣ የሚከፈለው ብር ከላይ ታትሞ ይምጣ። ዝርዝሩ ኮምፒውተራችሁ ላይ አለ። «ይላኩ» የሚለው ቃል ወጥቶ «ክፈል የሚለውን ይጫኑ» ይባል፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ ከወረቀቱ ይውጣ፤ እሱ እዚያ እስካለ ድረስ የሚያስገባው ሰው አይጠፋም። ስሙ የሚወጣበት ስክሪን ፎቶ ትልቅ ሆኖ ይግባ። «አልተቻለም» ቢል ደግመው አይጫኑ፣ መጀመሪያ ታሪክና ቀሪ ሂሳብ ይመልከቱ የሚል ይጻፍ። ሰዓቱ በፊደል «ከምሽቱ 12 ሰዓት» ተብሎ ይቀመጥ፣ ሲስተሙም ላይ ያው ሰዓት መሞላቱን አንድ ሰው ይፈትሽ። የቁልፍ ስልኩ አጭር ቁጥርም ይግባ። በአንድ ገጽ አይበቃ ከሆነ ጀርባው ባዶ ነው።

ስክሪንሾት በግሩፕ መላኩ ይቅር፣ ግብይት ቁጥር ይበቃል። ለእርዳታም የግል ስልክ ሳይሆን የቢሮው ስልክ ይጻፍ፣ ከጎኑም «ፒንዎን ወይም በመልእክት የመጣልዎትን የማረጋገጫ ኮድ ለእኛም ቢሆን አይንገሩ» ይባል።

አንድ መስኮት ቢያንስ በዚህ ዓመት ክፍት ይሁን። ቀኑን ሙሉ አይደለም የምንለው። ክፍያ በሚደርስበት ሳምንት ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ይቀመጥ፤ እንደ እማማ ላሉት በራሳቸው ስልክ፣ ፒኑን ራሳቸው እየነኩ፣ ከጎናቸው ሆኖ ያሳያቸው። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ሰው ይመድባል፣ እኔም ተራ እገባለሁ። አዲሱ ወረቀት ከመባዛቱ በፊትም ለኅብረቱ ይታይ። አምስት ወላጅ ጠርተን፣ ሁለቱ ቁልፍ ስልክ የያዙ ሆነው፣ ወረቀቱን ብቻ ሰጥተን እስከ ስሙ ስክሪን ድረስ ምንም ሳንነግራቸው እንዲሄዱ እናድርግ። ሳይከፍሉ እዚያ ጋ ይቆማሉ። የት እንደሚደናገሩ በግማሽ ሰዓት ይታወቃል።

መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን፣ በአሥር ቀን ውስጥ። ኅብረቱ ጥቅምት 29 ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስብሰባ አለው፣ ከፋይናንስ ክፍሉ አንድ ሰው እንዲገኝ እንጠይቃለን። የ19ኙ ወላጆች ዝርዝርና የደረሰኞቹ ኮፒ እኔ ጋ አለ፣ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የ6ኛ እና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች እናት፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባል፣
በ19 ወላጆች ስም